በቆሎ በጣሳና በእንቅብ ሲሰፈር ኪሎውን እንዴት እንገምት? እርጥበትን ያገናዘበ ስሌት

ጥያቄ፦ «ምዕራብ ጎጃም ቡሬ አካባቢ ከገበሬ በቆሎ እየገዛሁ ለመኖ ፋብሪካ አቀርባለሁ። ገበያው ላይ ሚዛን ስለሌለ በጣሳና በእንቅብ ነው የምንገበያየው። አንድ ጣሳ አንድ ኪሎ ነው እያልን 100 ጣሳውን ኩንታል እንለዋለን። ጣሳው ያው፣ ሰፋሪውም ያው ሆኖ ሳለ በኅዳር የገዛሁት 100 ጣሳ 97 ኪሎ፣ በመጋቢት የገዛሁት ደግሞ 101 ኪሎ መዘነ። የኅዳሩ እርጥብ ስለነበር መክበድ አልነበረበትም ወይ? ፋብሪካው ደግሞ ከ97ቱ ላይ የእርጥበት ብሎ እንደገና ይቀንስብኛል። ስገዛ ትክክለኛውን ኪሎ እንዴት ልገምት?»

ምላሽ፦

እርጥብ እህል ይከብዳል የሚባለው ፍሬ በፍሬ ስናወዳድር ትክክል ነው። አንድ ሺህ ፍሬ በቆሎ ቆጥረው እርጥቡንና ደረቁን ቢመዝኑ እርጥቡ ይበልጣል። ጣሳ ግን ፍሬ አይቆጥርም፤ የሚለካው ቦታ ነው። ፍሬው ውኃ ሲይዝ ያብጣል፤ ስለዚህ በዚያው ጣሳ ውስጥ የሚገባው የፍሬ ቁጥር ያንሳል። የረጠበ ፍሬ ገጽታም እንደ ደረቁ ስለማይንሸራተት ፍሬዎቹ ተጠጋግተው አይቀመጡም፤ በመካከላቸው የሚቀረው ባዶ ቦታ ይሰፋል። ከዚህም ሌላ ደረቅ የበቆሎ ፍሬ ራሱ ከውኃ የከበደ ነው፤ ውኃ ውስጥ ቢጥሉት ይሰምጣል። ከራሱ የቀለለ ነገር ሲጨመርበት አማካይ እፍጋቱ ይቀንሳል። ሦስቱም ምክንያቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚገፉ የእርጥብ በቆሎ ጣሳ ከደረቁ ቀሎ ይገኛል። ይህ የበቆሎ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ በጤፍ ላይ በተደረገ ልኬት እርጥበቱ ከ6 በመቶ በታች ሳለ አንድ ሊትር ጤፍ ወደ 840 ግራም ሲመዝን፣ እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ሲጠጋ ክብደቱ ወደ 640 ግራም ዝቅ ብሏል።

ስለዚህ በኅዳር የጎደለብዎት ሁለት ጊዜ ነው ማለት ነው። አንደኛው ጉድለት ሚዛን ላይ የታየው ነው፤ ጣሳው ራሱ ቀለለ። ሁለተኛው ሚዛን ላይ የማይታየው ነው፤ ከ97ቱ ኪሎ ውስጥ ከተለመደው በላይ የሆነ ውኃ አለ፤ እሱም በቆሎው ሲደርቅ ይተናል። ፋብሪካው የሚቀንሰው ይህንን ሁለተኛውን ነው፤ መቀነሱም በመርህ ደረጃ ተገቢ ነው። ሁለቱን ለይቶ ለማስላት አራት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል፤ እነሱም የጣሳው ይዘት፣ የቁልሉ መጠን፣ የዚያ ቀን በቆሎ እፍጋት እና እርጥበቱ ናቸው።

ከጣሳው ይዘት እንጀምር። ባዶውን ጣሳ ይመዝኑት፤ ከዚያ እስከ አፉ ድረስ ውኃ ሞልተው እንደገና ይመዝኑት። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን የሁለቱ ልዩነት በቀጥታ የጣሳው ይዘት በሊትር ነው። ስፌቱ የሚያፈስ ከሆነ በስስ ፌስታል ሸፍነው ይሙሉት፤ ፌስታሉ ግን ከጣሳው ግድግዳ ጋር በሚገባ መለጠፍ አለበት። ከዚህ በታች ለማሳያ የምጠቀምበት ጣሳ 1.30 ሊትር የሚይዝ፣ አፉ ከዳር እስከ ዳር 11 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነው፤ የእርስዎ የተለየ ከሆነ ቁጥሮቹን በራስዎ ይተኩ። የውኃ ልኬቱን ሲሠሩ የጣሳውን ታች ይመልከቱ። ታቹ ወደ ውስጥ የተቀጠቀጠ ጣሳ ከውጭ ሲያዩት ከሌላው አይለይም፤ ነገር ግን እንዲህ ባለ ጣሳ ላይ ታቹ በሙሉ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢገባ 95 ሚሊ ሊትር ያህል ይጎድላል፤ ይህም ከይዘቱ ከ7 በመቶ በላይ ነው። ከእርጥበት ጋር የሚደረገው ክርክር ሁሉ ከዚህ ያነሰ ልዩነት ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ በገበያው ላይ የሚዞሩትን ጣሳዎች በሙሉ አንድ ቀን በውኃ ለክቶ ምልክት ማድረግ ከማንኛውም ስሌት ይቀድማል።

ቀጥሎ ያለው ቁልሉ ነው። በገበያችን ጣሳ ከአፉ ጋር እኩል ተጠርጎ አይሰጥም፤ ጉብ ተደርጎ ይቆለላል፣ አንዳንዴም ምርቃት ይታከልበታል። ቁልሉ ሾጣጣ ቅርጽ ስላለው ይዘቱ የአፉ የገጽ ስፋት በካሬ ሳንቲ ሜትር ተባዝቶ በቁልሉ ቁመት፣ ተካፍሎ ለሦስት ነው። የጣሳችን አፍ 5.5 × 5.5 × 3.14፣ ማለትም 95 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቁልሉ ከጠርዙ በላይ 2 ሳንቲ ሜትር ቢቆም 95 × 2 ÷ 3 = 63 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በጠቅላላው ጣሳው ተቆልሎ 1.36 ሊትር ከትንሽ ይይዛል ማለት ነው፤ 1.365 እንበለው። ቁመቱን ለመለካት አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ የቁልሉን ጫፍ አስነክተው አግድመው፣ ከዘንጉ እስከ ጣሳው ጠርዝ ያለውን በማስመሪያ ያንብቡ። ምርቃቱን ግን ከስፍሩ ጋር አይቀላቅሉት፤ ለብቻው ተሰብስቦ በመጨረሻ ቢመዘን ይሻላል፤ ምክንያቱም እጅ እንደ ሰጪው ቸርነት ይለያያል።

አሁን ወደ እፍጋቱ እንምጣ። ከመጽሐፍ የሚገኝ ቁጥር መነሻ ብቻ ነው፤ ደረቅና ጤናማ በቆሎ በሊትር ከ700 እስከ 750 ግራም ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል፤ በአሜሪካ የእህል ንግድ የበቆሎ ቡሽል 56 ፓውንድ ነው የሚባለውም ተሰልቶ ሲታይ በሊትር 720 ግራም አካባቢ ነው። ነገር ግን ዝርያው፣ የፍሬው ትልቅነትና የስፍሩ አኳኋን ስለሚለውጡት የራስዎን መለካት አለብዎት። ለዚህም አሥር ጣሳ በተለመደው አሰፋፈር ሰፍረው በአንድ ጆንያ ውስጥ ያድርጉና በአንድነት ይመዝኑት፤ የጆንያውን ክብደት ቀንሰው ለአሥር ያካፍሉ። ይህንን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመው አማካዩን ይውሰዱ። አንድ ነጠላ ጣሳ መመዘን ግን አይጠቅምም፤ የቁልሉ ልዩነት ውጤቱን ወዲያና ወዲህ ይወስደዋል።

በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። እፍጋቱን በትልቅ ባልዲ ለክተው ወደ ትንሽ ጣሳ ማዛወር ስሕተት ያመጣል። ትልልቅ ፍሬ በጠባብ ዕቃ ግድግዳ ዳር በሚገባ አይጠጋጋም፤ ስለዚህ በጣሳ ውስጥ ያለው በቆሎ በባልዲ ውስጥ ካለው ትንሽ የላላ ነው። ጤፍ ላይ ይህ ልዩነት ከቁጥር የማይገባ ነው፤ በቆሎና ባቄላ ላይ ግን ይታያል። እንዲሁም ጣሳውን መሬት ላይ መታ መታ ማድረግ ወይም መነቅነቅ ፍሬውን ያጠጋጋዋል፤ በበቆሎ ላይ ብቻውን የበርካታ ሳምንት ማድረቅ ያህል ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። ሰፋሪው ሲነቀንቅ ገዢው ይጠቀማል፤ ከከፍታ ሲያፈስ፣ ወይም በእጁ ሲያሳርፍ እንደዚሁ ክብደቱ ይለያያል። ዋናው ነገር አሰፋፈሩ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

በማሳያችን ጣሳ የመጋቢቱ በቆሎ በሊትር 0.74 ኪሎ ቢሆን፣ 1.365 × 0.74 ማለት አንዱ ጣሳ 1.01 ኪሎ፣ 100 ጣሳው 101 ኪሎ ነው። የኅዳሩ በሊትር 0.71 ቢሆን ደግሞ ጣሳው 0.97 ኪሎ፣ 100ው 97 ኪሎ ይሆናል። ያገኙት ልዩነት ይህንኑ የሚያህል ነው፤ በሊትር 30 ግራም ብቻ ነው ያለያየው፤ ለዓይንም ለእጅም አይታወቅም።

እርጥበቱን በትክክል ለማወቅ የእህል እርጥበት መለኪያ መሣሪያ ያስፈልጋል። መሣሪያው ሲገዛ የበቆሎ ማስተካከያ እንዳለው ያረጋግጡ፤ በስንዴ ማስተካከያ ተለክቶ የተነበበ የበቆሎ ቁጥር ዋጋ የለውም። ናሙናውም ከጆንያው አናት ብቻ መወሰድ የለበትም፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጆንያ አናቱ ደርቆ መካከሉ እርጥብ ሊሆን ይችላል። በሹል ቱቦ ተወግቶ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች የወጣው ተደባልቆ ይለካ። መሣሪያ እስኪገኝ ድረስ የጨው ፈተና ይጠቅማል፤ ይኸውም ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ እስከ ሲሶው በበቆሎ ሞልተው፣ በሚገባ የደረቀ የገበታ ጨው አንድ ሁለት ማንኪያ ጨምረው ከድነው ለአንድ ደቂቃ ያህል ያናውጡት፤ ሩብ ሰዓት ያህል ያቆዩት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ በግምት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ካልተጣበቀ ከዚያ በታች ነው። ይህ ፈተና 19ን ከ17 አይለይም፤ ደረቁን ከእርጥቡ ብቻ ይለያል። በጥርስ መስበሩም እንዲሁ ነው፤ ልምድ ያለው ነጋዴ ለራሱ ያውቅበት ይሆናል፤ ከፋብሪካ ጋር ለሚደረግ ክርክር ግን ማስረጃ አይሆንም።

የኅዳሩ በቆሎ 19 በመቶ፣ የመጋቢቱ 13 በመቶ እርጥበት ነበረው እንበል፤ ፋብሪካውም የሚከፍለው በ13 በመቶ መሠረት ነው እንበል። 19 በመቶ ሲባል ከጠቅላላው ክብደት፣ ውኃውንም ጨምሮ፣ 19ኙ እጅ ውኃ፣ 81ዱ እጅ ደግሞ ደረቁ አካል ነው ማለት ነው። በቆሎው ሲደርቅ የሚቀንሰው ውኃው ብቻ ነው፤ ደረቁ አካል እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ የዛሬውን ክብደት በዛሬው የደረቅ እጅ አባዝተው፣ ለሚፈለገው የደረቅ እጅ ያካፍላሉ፤ ማለትም 97 × 81 ÷ 87 = 90.3 ኪሎ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው 19 ሲቀነስ 13 ስድስት ነው ብሎ ከ97ቱ ላይ 6 በመቶ በመቀነስ ነው፤ እንዲህ ሲደረግ 91.2 ኪሎ ይመጣል። ለአንድ ኩንታል ልዩነቱ 900 ግራም እንኳ አይሞላም፤ 200 ኩንታል ለሚጭን ግን ወደ 174 ኪሎ ይጠጋል። የፋብሪካውን ደረሰኝ ሲያዩ በየትኛው መንገድ እንደሰላው ይጠይቁ፤ ከሁለቱ የሚበልጥ ቅናሽ ካገኙ ደግሞ ለማድረቂያ ወጪና ለብክነት የታከለ ነገር ስለሚኖር ለብቻው እንዲጻፍልዎት ማድረግ ይገባል።

ሁለቱን ጉድለቶች አሁን ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። የደረቁ 100 ጣሳ 101 ኪሎ ሲሆን፣ የእርጥቡ 100 ጣሳ በ13 በመቶ ሲታሰብ 90.3 ኪሎ ብቻ ነው። ከ10.7 ኪሎው ልዩነት ሚዛን ላይ ወዲያው የታየው 4 ኪሎው ነው፤ 6.7 ኪሎው ገና ወደፊት የሚተን ውኃ ነው። ደረቅ በቆሎ በኪሎ 40 ብር ነው ብለን ብናስብ የደረቁ ጣሳ 40 ብር ከ40 ሳንቲም፣ የእርጥቡ 36 ብር ከ12 ሳንቲም ይገመታል። በአንድ ዋጋ የሚሰፈር ከሆነ በኅዳር የሚጎዳው ገዢው ነው፤ በቆሎውን ቆጥቦ፣ አድርቆ በመጋቢት የሚያወጣው ገበሬ ደግሞ ለድካሙ ምንም አይከፈለውም። ጣሳ እርጥብ አቅራቢን ይሸልማል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በየገበያው ቀን ይህን ሁሉ መሥራት አያስፈልግዎትም። በአንድ የምርት ወቅት በሦስት የተለያየ እርጥበት ላይ፣ ለምሳሌ በኅዳር፣ በጥርና በመጋቢት፣ አሥር አሥር ጣሳ እየመዘኑ እርጥበቱን አብረው ይመዝግቡ። በማሳያችን ከ13 ወደ 19 በመቶ ሲወጣ እፍጋቱ በ0.03 ስለቀነሰ ለእያንዳንዱ አንድ በመቶ እርጥበት በሊትር 5 ግራም ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በጥር 16 በመቶ ቢያነቡ እፍጋቱን 0.725 ብለው ይገምታሉ፤ ጣሳው 0.99 ኪሎ፣ 100 ጣሳው 99 ኪሎ፣ በ13 በመቶ መሠረት ደግሞ 99 × 84 ÷ 87፣ ማለትም 95.6 ኪሎ ይሆናል። ይህች መስመር የምትሠራው በለኩት ክልል ውስጥ ብቻ ነው። በ25 በመቶ እርጥበት ላይ ያለ፣ ገና ከቆረቆንዳው እንደተፈለፈለ በቆሎ ላይ ብትዘረጋ ትሳሳታለች። ከበቆሎ ወደ ማሽላም አትሻገርም። በሌላ አካባቢ የተሠራ የጣሳ መቀየሪያ ሠንጠረዥም እንዲሁ ነው፤ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በቤተሰብ ጥናቶች ላይ የጣሳና የቁናን መቀየሪያ በሰብልና በክልል ለያይተው የሚይዙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከአንዱ ወረዳ ቁና የሌላው ወረዳ ቁና በጣም ይለያያልና።

እንቅቡ ግን ከጣሳው የተለየ ችግር አለው፤ ችግሩም ከእርጥበቱ ይልቅ ቁልሉ ላይ ነው። የእንቅቡን ውስጥ በውኃ መለካት ስለማይቻል ከአፉ ጋር እኩል ጤፍ ወይም ሌላ ደቃቅ እህል ይሙሉት፤ ከዚያ ይዘቱ በታወቀ ዕቃ እየጠረጉ ይስፈሩት። ከአፉ እኩል 11.5 ሊትር የሚይዝ፣ የአፉ ስፋት 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንቅብ እንውሰድ። አፉ ወደ 1,257 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ቁልሉ 7 ሳንቲ ሜትር ቢቆም 2.9 ሊትር፣ 9 ሳንቲ ሜትር ቢቆም 3.8 ሊትር ይጨምራል። በጣሳው ላይ ቁልሉ 5 በመቶ ብቻ የነበረው እዚህ ከ25 እስከ 33 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ዓይን የማይለየው የሁለት ሳንቲ ሜትር ቁመት ለአንድ እንቅብ ወደ 600 ግራም በቆሎ ያመጣል ወይም ይወስዳል።

እርጥበትም እዚሁ ላይ ተመልሶ ይገባል። እርጥብ እህል ስለማይንሸራተት ከደረቁ ከፍ ብሎ ይቆለላል። ስለዚህ በእንቅብ ሲሰፈር የእርጥቡ በቆሎ መቅለል በቁልሉ መጨመር ይሸፈናል፤ የእርጥቡና የደረቁ እንቅብ በሚዛን እኩል ሊመጡ፣ አልፎ ተርፎም እርጥቡ ሊበልጥ ይችላል። «እንቅቡ ስላልጎደለ በቆሎው ደርቋል» ብሎ መደምደም ስለዚህ አደገኛ ነው፤ ውስጡ ያለው ውኃ እንዳለ ነው። በእንቅብ መግዛት ግድ ከሆነ ከአፉ ጋር እኩል በዘንግ ተጠርጎ እንዲሰጥዎትና ዋጋው በዚያው ልክ እንዲቀንስ ይስማሙ። ሻጩ ጠረጋውን ካልወደደ፣ ተቆልሎ ከተሰፈረው ውስጥ ከየአሥሩ እንቅብ አንዱን በማንጠልጠያ ሚዛን ይመዝኑ።

በመጨረሻ፣ ጣሳው ከመስመሩ ሲወጣ ምክንያቱን ከእርጥበት ውጭም ይፈልጉ። እርጥበቱ 13 በመቶ ተነቦ ጣሳው ግን 0.95 ኪሎ ብቻ ከመዘነ ውኃውን ጥፋተኛ ማድረግ አይቻልም። ነቀዝ የቦረቦረው ፍሬ ቅርጹን ይዞ ውስጡ ባዶ ስለሚሆን ጣሳውን ይሞላል እንጂ አይመዝንም፤ ከመዳፍዎ ላይ እፍኝ ወስደው ቀዳዳና ዱቄት ይፈልጉ። ገለባና የቆረቆንዳ ስብርባሪም እንዲሁ ያቀላል። ዝናብ መትቶት እንደገና የደረቀ በቆሎም አለ፤ ያበጠው ፍሬ ሲደርቅ ወደ ቀድሞ መጠኑ ሙሉ በሙሉ ስለማይመለስ እርጥበቱ ዝቅ ብሎ እፍጋቱም ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ቆዳው የተሸበሸበና የደበዘዘ መሆኑ ያስታውቃል። በተቃራኒው ጣሳው ከመስመሩ በላይ ከከበደ መጀመሪያ በሰፌድ አንጠርጥረው ጠጠርና አፈር ይፈልጉ፤ ካላገኙ ሰፋሪው ጣሳውን እየነቀነቀ እንደሆነ ይመልከቱ።